ጀሪካኑ ላይ አንድ ኪሎ መቼ እንጨምር?

ውድ ወላጆች፣ የፕሮጀክት አሰልጣኞች፣ እናንተም ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የ16 ዓመት ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ብረት ነበር። ብረት እንበለው እንጂ የውሃ ቧንቧ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ የወተት ጣሳ ተተክሎበታል። ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ትልልቆቹ ያነሱታል፣ እኛም ተራችንን ጠብቀን ትከሻችን ላይ እንጭነዋለን። አንድ ቀን ቁጢጥ ብዬ ልነሳ ስል ወገቤን ያዘኝ። ለሁለት ወር ያህል ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። "እስቲ መጀመሪያ ባዶህን ተቀመጥና ተነስ፣ እንይህ" ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔ ዛሬ ልጆቻችሁን የምላቸው ይህንኑ ነው።

ወላጆች ሁልጊዜ የምትጠይቁኝን ላስቀድም። "ክብደት ማንሳት ልጄን አያጫጨውም ወይ?" በሚያውቅ ሰው እየታየ፣ በልኩ ከሠራ አያጫጨውም። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በልጆች አጥንት ጫፍ አካባቢ ገና ያልጠነከረ የማደጊያ ክፍል አለ፤ እሱ ሊጎዳ ይችላል። የሚጎዳው ግን ብረት ሲወድቅበት ነው። ወይም ልጁ "አቅምህን አሳየን" ተብሎ ከአቅሙ በላይ ሲያነሳ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2020 ባወጣው ጽሑፍ፣ አሠራሩን ተምረው ክትትል እየተደረገላቸው ለሚሠሩ ልጆች ይህ ልምምድ ደህና መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ጥያቄያችን "ያንሳ ወይስ አያንሳ" አይሁን። "ዛሬ ስንት ያንሳ" ይሁን።

ከስኳት እንጀምር። መሣሪያችን በርጩማ ነው። ልጁ በርጩማውን ከኋላው አድርጎ ይቆማል። እግሩን በትከሻው ስፋት ይከፍታል፣ ጣቶቹን ትንሽ ወደ ውጭ ያዞራል። ከዚያ ዳሌውን ወደ ኋላ እየገፋ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በርጩማውን ነካ ያደርግና ይነሳል። ዘፍ ብሎ አይቀመጥም። ሲወርድ አየር ይስባል፣ ሲነሳ ያስወጣል። ትንፋሽ ማፈን የለም።

አሰልጣኞች፣ እናንተ ሦስት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛ ተረከዝ ነው፤ ከመሬት መነሳት የለበትም። ከተነሳ በርጩማውን ከፍ ባለ ወንበር ቀይሩለት። ሁለተኛ ጉልበት ነው። ጉልበቱ የእግር ጣቶቹን አቅጣጫ ይከተል። ሲነሳ ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ውስጥ ከተጠጋጉ ልጁ አቅሙ እያለቀ ነው። ብዙዎቻችሁ "ጉልበትህ ከጣትህ አይለፍ" ትላላችሁ። ተረከዙ መሬት እስከያዘ ድረስ ትንሽ ቢያልፍ ችግር የለውም። ረጅም ጭን ያለው ልጅ ሳያሳልፍ መውረድ አይችልም፤ ግድ ብትሉት ወገቡ ላይ ይጎብጣል። ሦስተኛውም ይኸው ወገብ ነው። ከጎን ቆማችሁ እዩት። ጀርባው መጉበጥ የሚጀምርበት ቦታ ለዚያ ልጅ የመጨረሻው ጥልቀት ነው። ከዚያ በታች አታውርዱት።

ፑሽአፕ ላይ ስህተቱ የሚጀምረው ሁሉንም ልጅ መሬት ላይ ከማስተኛታችን ነው። ያልቻለው ልጅ ሆዱ ወደ መሬት ይንጠለጠላል፣ አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል፣ እኛ ደግሞ "ሃያ ሠራ" ብለን እንጽፋለን። አንድም አልሠራም። ስለዚህ ከግድግዳ ጀምሩ። እጁ ከትከሻው ትንሽ ሰፋ ይበል። ክርኑ እንደ ክንፍ ወደ ጎን አይዘርጋ፣ ሙሉ በሙሉም ከጎኑ ጋር አይጣበቅ፤ መሃል ላይ ይሁን። ከራሱ እስከ ተረከዙ እንደ አንድ ጣውላ ቀጥ ብሎ ደረቱን ያስጠጋል፣ ይገፋል። ግድግዳው ሲቀልለት ወደ ጠረጴዛ ከፍታ ይሂድ፤ ጠረጴዛው እንዳይንሸራተት ግድግዳ አስደግፉት። ከዚያ አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ መሬት። እዚህ ኪሎ አንጨምርም። እጁ ዝቅ ባለ ቁጥር ሸክሙ ራሱ ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መቼ እንጨምር?

ያሠለጠንኩትን አንድ ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። 14 ዓመቱ ነው፣ ክንፍ ላይ ይጫወታል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ይሠራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ስኳቱን ባዶውን ነው የሠራው። 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፤ በዙሮቹ መካከል አንድ ሁለት ደቂቃ እረፍት። ቀስ በቀስ 12 ደረሰ። ከዚያ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ደረቱ ላይ አስታቀፍኩት። ውሃ ሞልተን ነው፣ 5 ኪሎ ማለት ነው። ጎዶሎ ጀሪካን ውስጥ ውሃው እየተንገላታ ሚዛን ያስታል። ከ5 ኪሎ በላይ ስንሄድ ውሃውን በደረቅ አሸዋ ተካነው። አሸዋ ከውሃ ስለሚከብድ ኪሎውን በግምት አናውቀውም፤ ባለሱቁ ሚዛን ላይ እንመዝነዋለን።

ደንባችን ይህ ነበር። 5 ኪሎ ይዞ ከ8 ይጀምራል። ሦስቱንም ዙር 12፣ 12 ካደረገ፣ ያንኑ በሚቀጥለው ልምምድ ከደገመው፣ አንድ ኪሎ እንጨምራለን። ወዲያው ወደ 8 ይመለሳል። አንድ ቀን ብቻ 12 መድረስ አይበቃም፤ ልጅ ጥሩ የተኛበት ቀን ጀግና ነው። በየዙሩ መጨረሻ ደግሞ "ስንት ይቀርህ ነበር?" እለዋለሁ። "ሁለት" ካለኝ ልክ ነው። "ምንም" ካለኝ በዝቶበታል። ልጆች አፋቸው ሊዋሽ ይችላል፣ ጉልበታቸው ግን አይዋሽም። የመጨረሻዋ ድግግሞሽ ከመጀመሪያዋ ጋር ካልተመሳሰለች አትቆጠርም።

በዚህ አካሄድ 8 ኪሎ ደረሰ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ተረከዙ ይነሳል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። አልታመመም፣ አልሰነፈም። በየወሩ በኖራ ቁመቱን ምልክት የምናደርግበት ግድግዳ አለ፤ ስናየው በሁለት ወር ሦስት ሴንቲ ሜትር አድጓል። አጥንቱ ሲረዝም ሚዛኑና ቅንጅቱ ወዲያው አይከተሉትም። ልጁ በአዲስ እግር መቀመጥ እንደገና መማር አለበት። ይህ በአብዛኛው ሴቶች ላይ በ12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች ላይ በ14 አካባቢ ይበረታል። ወደ 4 ኪሎ መለስኩት፣ በርጩማውንም ከፍ አደረግኩለት። አኩርፎ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት 8 ኪሎውን በጥሩ አሠራር መልሶ አነሳው።

በዚያው ጊዜ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለችው እብጠት መሰል አጥንት ሲነኳት ታመው ነበር። በፍጥነት የሚያድጉና ብዙ የሚሮጡ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። ሩጫውንና ዝላዩን ቀነስንለት፣ ሕመም በማያመጣው ጥልቀት ብቻ አሠራነው። እያነከሰ ቢሆን ወይም ሌሊት ቢያመው ግን ቀጥታ ወደ ሐኪም ነበር የምልከው። ወደ ኋላ ሲለጠጥ የሚያመው ወገብ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በፍጹም "ይለቀዋል" አትበሉ። የጡንቻ ድካም ሲነኩት ይታመማል፣ በሁለት ሦስት ቀንም ይጠፋል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ሌላ ነው፤ እዚያው ሥራው ይቁም።

በርጩማዎቹን ሜዳው ዳር ደርድረናል፣ ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው። ልጆች፣ ጫማችሁን አውልቁና ሁለት ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ተረከዙን ያያል። ወላጆችም ከጎን ቁሙ፣ ወገባቸው የት ላይ እንደሚጎብጥ አብረን እንይ።