በሶ ይበላል ወይስ ይጠጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ለዛሬ ሌላ ርእስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሆኖም ባለፈው ሳምንት ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ የሰማሁት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ እርሱን ሳላነሣ ማለፍ አልቻልኩም።

ሰውየው ከጮቄ ግርጌ የመጡ ገበሬ ናቸው። የብሽሽት ቡአቸው ተሠርቶላቸው በዕለቱ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ለጠዋት 3 ሰዓት ተቀጥረዋል። ወረቀታቸው ላይ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብ አይብሉ» የሚል ተጽፏል። ባልደረባዬ «አባባ፣ ቁርስ በልተዋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ኧረ ምንም አልበላሁ፣ ልጄ» አሏት። ደግማ ብትጠይቃቸውም መልሳቸው ያው ነበር። ጋዋን ከለበሱ በኋላ ግን ጋቢያቸውን ልትቀበል የመጣችው ምራታቸው «አይዟችሁ፣ ባዶ ሆዳቸውን አይደሉም፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ 11 ሰዓት ላይ በሶ በጥብጬ አጠጥቻቸዋለሁ» አለችን። እኛን ለማረጋጋት ብላ ነው የነገረችን።

ሽማግሌው ዋሹ ልል አልችልም። የተጠየቁት ስለ መብላት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጠጡ እንጂ አልበሉም። ሆድ ግን የተበጠበጠውንም የተጨበጠውንም በሶ እንደ ገብስ ምግብ ነው የሚቀበለው። በሰመመን የተኛ ሰው መዋጥም ሆነ ማሳል ስለማይችል፣ ከሆዱ ወደ ላይ የተመለሰ ነገር ወደ ሳንባው እንዳይገባ የሚከላከልለት የለም፤ የጨጓራው አሲድ ሳንባውን ያቃጥለዋል፣ ዱቄቱም የአየር ቧንቧውን ሊደፍነው ይችላል። ቡአ ብዙ ጊዜ ከወገብ በታች በሚያደነዝዘው መርፌ ስለሚሠራ «ታዲያ ምን አስጨነቃችሁ?» ትሉኝ ይሆናል። ያ መርፌ አልበቃ ሲል ወደ ሙሉ ሰመመን መሻገር ስለሚኖር፣ ሆዱ ለዚያም የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ምራቲቱን «ቅቤ ነበረበት?» ብዬ ጠየቅኋት። እንደ በሶ ላለ ቀለል ያለ ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት ስለሚጠበቅ፣ በውሃና በጨው ብቻ ተበጥብጦ ቢሆን ኖሮ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ልናስገባቸው እንችል ነበር። «ያለ ቅቤማ ምን በሶ ይሆናል?» አለችኝ። ቅባት ላለበት ምግብ ደግሞ 8 ሰዓት ስለሚጠበቅ ነገሩ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተገፋ፤ በዚያ ሰዓት ተሠርተው፣ እግራቸው ተላቆ፣ ሽንታቸውን ሸንተው ለአገራቸው መኪና ሊደርሱ አይችሉም። ሌላ ቀጠሮ ሰጥተን መለስናቸው።

በእውነቱ ተናድጃለሁ፤ በማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወረቀቱ አልተሳሳተም፤ አንብቦ ያሰማቸውም በትክክል አንብቦላቸዋል። ምናልባት ጥያቄው «ከአፍዎ የገባ የመጨረሻ ነገር ምንድን ነው? መቼ ነው?» መባል ይኖርበት ይሆናል። አጥሚትም፣ ወተትም፣ ጠላም በዚህ ጥያቄ ይወጣሉ፤ «በልተዋል?» በሚለው ግን ሁሉም ያመልጣሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ «ምንም» የሚለውን ቃል ሰምተው ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ራሳቸውን እየዞራቸው የሚመጡ አሉ። ጥሩ ውሃ እኮ ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ ለ3 ሰዓት የተቀጠረ ሰው እስከ 1 ሰዓት መጠጣት ይችላል ማለት ነው። በቡናዬ የምታሾፉብኝ ሰዎች ደስ ይበላችሁ፤ ወተት ያልገባበት ቡናም ከውሃው ጋር ይቆጠራል።

ማንበብ ለማይችል ሰው አንድ ባልደረባችን «ብርጭቆ ውስጥ ቀድተህ ማዶ ጣትህ የሚታይህን ብቻ ጠጣ» እያለ ያስረዳል። ወድጄው ነበር። ነገር ግን በዚህ መለኪያ የተፈቀደው ቡና ሲወድቅ የተከለከለው አረቄ ያልፋል፤ ስለዚህ እርሱንም እንጃ። የሚሻለው ሰውየውን ራሱን «እስቲ ሌሊት ተነሥተው እዚህ እስኪደርሱ ምን ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ» ማለት ይመስለኛል፤ በሶው ያን ጊዜ ይወጣ ነበር። ወረፋው ሲበዛ ግን ይህን ማን ይጠይቃል?

ምራታቸውን ለአዲሱ ቀጠሮ ይህንኑ ጠየቅኋት። እራት በጊዜ እንደምታበላቸው፣ ከዚያ በኋላ በሶም ወተትም እንደማትሰጣቸው፣ ውሃ ግን እስከ 1 ሰዓት እንደምትፈቅድላቸው ነገረችኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ «ጠበልስ?» አለችኝ። ጠበል ውሃ ስለሆነ እስከዚያው ሰዓት ድረስ ይቻላል አልኳት። «እምነት ተበጥብጦበት ከሆነስ?» ስትለኝ፣ እሱን በግንባራቸው ይቀቡት አልኳት፤ እሷም ዝም ብላ አየችኝ። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው መልሱን እኔ ነኝ የምሰጠው ወይስ የንስሐ አባታቸው፣ ወይስ ሁለታችን አስቀድመን ተነጋግረን…