የቱን ልያዝ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ አንድ ሰኞ ጠዋት የተጠየቅኩትን ጥያቄ ነው የማወራችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ፊኒሺንግ ላይ የደረሰ የጂ ፕላስ ፎር ሳይት ላይ ነበርን። ስኬጁሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዋናው ኤሌክትሪሻናችን በዕድሜ ታላቄ ናቸው። የመሣሪያ ቦርሳቸውን በትከሻቸው እንዳንጠለጠሉ ያተምኩላቸውን ወረቀት ዘረጉና "ኢንጂነር፣ ወረቀቱ ሦስት ቦታ ዛሬ ጀምር ይለኛል። የቱን ልያዝ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሦስቱንም ጎን ለጎን ያስኪዷቸው" አልኳቸው። ያ መልስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የገባኝ ማታ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ነው።

አንደኛው ሥራ የሁለተኛ ፎቅ ገመድ ነው፤ 4 ቀን። እሱ ሳያልቅ የጂፕሰም ኮርኒስ አይገባም፤ ኮርኒሱ 6 ቀን፣ ቀለሙ 5 ቀን፣ በድምሩ 15። ርክክቡም በ15ኛው ቀን ነው። ሁለተኛው ዋናው የመብራት ቦርድ፣ 5 ቀን፤ ከኋላው የ3 ቀን ፍተሻ አለው። ሦስተኛው ምድር ቤት ያለው የፓምፕ ቦርድ፣ 3 ቀን፤ ከዚያ 2 ቀን ሙከራ። ለየብቻ ስታዩአቸው ዋናው ቦርድ የ7 ቀን ፍሎት፣ ማለትም ርክክቡን ሳይነካ ሊዘገይ የሚችልበት ጊዜ፣ አለው፤ ፓምፑ ደግሞ የ10። ስኬጁሉ ሲሰላ ማን ከማን በኋላ እንደሚመጣ ነው የሚታየው፤ ሦስቱም የአንድ ሰው እጅ እንደሚፈልጉ አይታይም።

ጎን ለጎን ይሂዱ ሲባል ሰውዬው ቀናቸውን ለሦስት ይከፍላሉ። ፓምፑ በ9ኛው ቀን ያልቃል፣ ገመዱ በ11ኛው፣ ዋናው ቦርድ በ12ኛው። ጂፕሰም ሠራተኞቹ እስከ 11ኛው ቀን እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ርክክቡ ወደ 22ኛው ቀን ይሄዳል። ፎቅ ሲወጡና ሲወርዱ የሚባክነውን ሰዓት እንኳን ሳልቆጥር ማለት ነው።

በተራ ይሠሩ ከተባለ ደግሞ ተራው ራሱ ወሳኝ ነው። ሰንጠረዤ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ፓምፑን ነበር፤ ቀጥሎ ዋናው ቦርድ፣ መጨረሻ ገመዱ። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ላይ ሌቭሊንጉን፣ ማለትም አንድ ሰው ላይ የተደራረበውን ሥራ በተራ የሚያስቀምጠውን ትእዛዝ፣ `ID Only` ብላችሁ ካስኬዳችሁት በዚያው በረድፍ ቁጥር ነው የሚሄደው። ገመዱ በ12ኛው ቀን ያልቃል፣ ርክክቡም 23ኛው ቀን ይሆናል። ፍሎት የሌለውን ገመዱን ብታስቀድሙ፣ ቀጥሎ ዋናውን ቦርድ፣ መጨረሻ ፓምፑን፣ የፓምፑ ሙከራ በ14ኛው ቀን ያልቃል፤ ርክክቡም 15ኛው ቀን ላይ ይቆያል። ሰውም ገንዘብም አልተጨመረም፤ ተራው ብቻ ነው የተቀየረው፣ ልዩነቱ 8 ቀን ነው። ስለዚህ ሌቭሊንጉን ከማስኬዳችሁ በፊት ቅንብሩ `Standard` መሆኑን እዩ፤ እሱ ፍሎትንም ቅድሚያንም ያገናዝባል። ሶፍትዌሩ ሥራ ያዘገያል፣ ይቆራርጣል እንጂ ሌላ ሰው አይተካላችሁም።

እንዲያም ሆኖ አንድ ወጥመድ ይቀራል፤ እኔን የያዘኝም እሱ ነው። ከተስተካከለ በኋላ የዋናው ቦርድ ፍተሻ በ12ኛው ቀን ያልቃል፤ ፍሎቱን የሚያሳየው `Total Slack` የሚለው ዓምድ 3 ቀን አለህ ይለኛል። እሱን አምኜ ኤሌክትሪሻኑን ቦርዱን ሳይጨርሱ ለ2 ቀን ሌላ ሳይት ላክኋቸው። ፓምፑን በ10ኛው ፋንታ በ12ኛው ቀን ጀመሩ፤ ሙከራው 16ኛው ቀን ላይ አለቀ። አንድ ቀን ዘገየን። የፓምፑ ቦርድ ዋናውን ቦርድ የሚጠብቀው በሥራው ጠባይ አይደለም፣ በሰውዬው ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ በሁለቱ መካከል የተሳለ መስመር ስላላየ መዘግየቱን አልቆጠረውም። እውነተኛው ፍሎት 1 ቀን ነበር። አሁን ተራውን ከወሰንኩ በኋላ ከዋናው ቦርድ ወደ ፓምፑ ማያያዣ መስመር በእጄ አስገባና ሌቭሊንጉን እንደገና አስኬዳለሁ፤ ያኔ ዓምዱ 1 ይላል። ባለሙያ ሲጨመር መስመሩ ምክንያት ስለማይኖረው፣ ለምን እንዳስገባሁት ማስታወሻው ላይ እጽፋለሁ።

ሁለተኛው ህንፃ ላይ እቅዱን ከማተሜ በፊት ሄጄ ጠየቅኳቸው። "ገመዱን እኮ ልጆቹ ይስቡታል፤ እኔ የምፈለገው ጫፉን ሳገናኝ ነው" አሉኝ። 4 ቀን ብዬ በእሳቸው ስም የጻፍኩት ሥራ የእሳቸውን እጅ የሚፈልገው 1 ቀን ተኩል ብቻ ነበር። በመሃል ከዋናው ቦርድ አንድ ጊዜ ተነሥተው ይመጣሉ፣ ያገናኛሉ፣ ይመለሳሉ። ሁለት ቀን ተኩል የተገኘው ከዚያች አንዲት ጥያቄ ነው።