አንድ ግዢ፣ ሁለት ወረቀት

(በፍኖተ ሰላም ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሒሳብ ሠራተኞች፣ ገንዘብ ያዦችና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ!

መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳለ ከቡሬም ከጃቢም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ ስለ ሒሳብ አያያዝ በሙሉ አላወራም። የማወራው አቅራቢ ስለሚሰጣችሁ ወረቀት ብቻ ነው። እሱን ሳታነቡ ስትከፍሉ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ማኅበር ክረምቱ ሳይገባ የመጋዘኑን ጣሪያ ማልበስ ፈልጓል እንበል። 120 ቆርቆሮ አዘዘ። የአንዱ ዋጋ 850 ብር ነው። ጠቅላላው 102,000 ብር ይመጣል። ቫት 15 በመቶ፣ 15,300 ብር። ድምሩ 117,300 ብር። ውሉ ደግሞ 30 በመቶ ቅድሚያ፣ ቀሪው ዕቃው በገባ በ15 ቀን ይከፈላል ይላል።

መጀመሪያ የታክሱን መስመር እንይ። ቫቱን ከሱ በላይ ላለው ዋጋ አካፍሉት፤ 0.15 መምጣት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ነጋዴው «ቫትን ጨምሮ 117,300» ብሎ ከነገራችሁ ቫቱን ለማግኘት 117,300ን በ0.15 አታባዙ። እንደዚያ ከሆነ 17,595 ይመጣል፤ ስህተት ነው። 117,300ን ለ1.15 አካፍሉ። 102,000 ይወጣል፤ ልዩነቱ 15,300 ቫቱ ነው። ደረሰኙ ላይ ቫት 17,595፣ ከታክስ በፊት ያለው ዋጋ 99,705 ተብሎ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። መጣኔው ከ17 በመቶ በላይ ሆኗል። ማሽን እንዲህ አያሰላም፤ ሰው ነው ቁጭ ብሎ የጻፈው።

ቅድመ ግብር የምትቀንሱ ከሆነም የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው 102,000 ላይ ነው እንጂ በድምሩ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዕቃው ሰኔ 26 ቀን 2017 ገባ እንበል። ነጋዴው ሁለት ወረቀት ሰጠ። አንዱ ትልቁ፣ ዕቃው በዝርዝር የተጻፈበት፣ እኛ አታችመንት የምንለው ነው። ሁለተኛው ከካሽ ሬጅስተር ማሽን የወጣው ትንሹ ቁራጭ። ሁለቱ አንድ ሽያጭ ናቸው። አታችመንቱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ቁራጩ ካልተያያዘበት ደረሰኝ አይባልም። ብዙ ጊዜ ከግርጌው ራሱ ይህን ይናገራል።

ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። አታችመንቱ ላይ 0487 የሚል አለ። ቁራጩ ላይ ሌላ የኤፍ ኤስ ቁጥር አለ፣ 00002319 እንበል። ቀኑም ይለያያል። አታችመንቱ በእጅ 26/10/2017 ተብሎ ተጽፏል። ማሽኑ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር 03/07/2025 አትሟል። ቀኑ አንድ ነው፤ ለሚያየው ሰው ግን ሁለት የተለያየ ቀን ይመስላል።

አያችሁ እንዴት እንደሚሆን? ገንዘብ ያዡ ሰኔ 28 ቀን በአታችመንቱ ቁጥር ይከፍላል። ሐምሌ 1 አዲስ በጀት ዓመት ይገባል፤ አዲስ መዝገብ ይከፈታል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነጋዴው በቁራጩ ፎቶ ኮፒ «ቀሪ ሒሳብ አለኝ» ብሎ ይመጣል። ሁሉም ሰው ማሳው ላይ ነው፤ ኮሚቴውም አልተሰበሰበም። ሠራተኛው አዲሱን መዝገብ ያገላብጣል፤ 2319 የሚል ቁጥር የለም። ቀኑም ሐምሌ 3 ይመስለዋል። ስለዚህ ይከፍላል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል። ነጋዴውም ሁለት ሒሳብ ሠራተኛ ካለው ራሱ ተምታቶበት ይሆናል። ገንዘቡ ግን ሄዷል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በቁጥር ብቻ አትፈልጉ። የግዢ መዝገባችሁ ላይ ለአንድ ግዢ አንድ መስመር ይኑር፤ በዚያው መስመር የአቅራቢው ቲን፣ የአታችመንቱ ቁጥር፣ የኤፍ ኤስ ቁጥሩ፣ ወደ እኛ አቆጣጠር የተመለሰው ቀን፣ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ይጻፍ። አዲስ ደረሰኝ ሲመጣ በቲኑና በዋጋው ፈልጉ። አንድ ቲን፣ 102,000 ብር፣ በቅርብ ወራት ውስጥ ካለ ቁሙ። የሰኔና የሐምሌን ደግሞ ሁለቱንም መዝገብ ከፍታችሁ እዩ። ከመክፈላችሁ በፊት የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ጠይቁ። ዕቃ ግምጃ ቤት 120 ቆርቆሮ የተረከበው አንዴ ከሆነ ክፍያውም አንዴ ነው። ሲከፈል «ተከፍሏል» የሚለውን ማኅተም አታችመንቱና ቁራጩ ተያይዘው ባሉበት፣ ሁለቱንም አቋርጦ እንዲያርፍ ምቱ። በፎቶ ኮፒ አትክፈሉ። የቁራጩ ጽሑፍ በጊዜ ስለሚደበዝዝ ኮፒ አስቀምጡ፤ ያ ግን ለፋይል ነው።

የክፍያ ውሉም ወጥመድ አለው። የዕቃው ደረሰኝ የሚቆረጠው በሙሉ 117,300 ነው፤ ቅድሚያ የከፈላችሁት 35,190 ብር ላይቀነስበት ይችላል። ደረሰኙን ብቻ ያየ ሰው ሙሉውን ይከፍላል። ቀሪው 82,110 ነው። ስለዚህ ቅድሚያው የተከፈለበትን ሰነድ ከደረሰኙ ጋር ካላያያዛችሁ ቫውቸር አትፈርሙ። «በ15 ቀን» ሲባልም ከመቼ? ውላችን ዕቃው ከገባበት ነው ያለው። አንዳንድ ነጋዴ ደረሰኝ ከቆረጠበት ይቆጥርና ዕቃው ሳይመጣ «ጊዜው አልፏል» ይላል። ውሉን አውጥታችሁ አሳዩት።

ሐሰተኛ ደረሰኝን በተመለከተ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ማኅተምና ፊርማ ላይ ብዙ አታፍጡ፤ ማኅተም ማንም ያስቀርጻል። አንደኛ፣ ቲን አሥር አኃዝ ነው። ቁራጩ ላይ ያለው፣ አታችመንቱ ላይ ያለውና የነጋዴው ንግድ ፈቃድ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። ቫት የሚጠይቅ ነጋዴም ለቫት የተመዘገበ መሆን አለበት፤ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ጠይቁ፣ ከተጠራጠራችሁ ገቢዎች ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ከቁራጩ ግርጌ የማሽኑ መለያ አለ። ከዚያው ማሽን የወጡ የቀድሞ ደረሰኞች ፋይላችሁ ውስጥ ካሉ አወዳድሩ። የሰኔው ቁጥር 2319 ከሆነ የነሐሴው ከዚያ መብለጥ አለበት። ካነሰ ሐሰተኛ ነው ባይባልም ቢያንስ ጥያቄ ይነሳል። እንዲሁም ሁልጊዜ ይሸጣል የሚባል ነጋዴ በመጋቢትና በሰኔ የሰጣችሁ ቁጥሮች ተከታታይ ከሆኑ፣ በመሃል ለማንም አልሸጠም ማለት ነው። ሱቁን ሄዳችሁ እዩት።

አንድ ነገር ልጨምር። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ ከደረሰኝ ጋር ከመጣ፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። ውሉ ላይ ባለው ደውሉ።

ደረሰኝ ይዛችሁ እንድትመጡ ተነግሯችሁ ነበር። አውጡና ጠረጴዛው ላይ አድርጉት፤ በመጀመሪያ ቫቱን በላዩ ላለው ዋጋ አካፍለን እንይ።