እረኛው ነው የሚሄደው ወይስ ካሜራው? ለቪዲዮ ሞዴል ትእዛዝ ስለ መጻፍ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ በፎቶግራፍና በቪዲዮ ሥራ የተሠማራችሁ ባልደረቦቼ፣

ጽሑፍን ወደ ቪዲዮ ለሚቀይር ሞዴል የምንሰጠውን ትእዛዝ፣ ማለትም ፕሮምፕቱን፣ ባለታሪኩን፣ ድርጊቱን፣ ቦታውን፣ ካሜራውን፣ ብርሃኑንና ስታይሉን በዚሁ ቅደም ተከተል እያስቀመጥን እንድንጽፍ እመክራለሁ። ሞዴሉ ራሱ ይህን ቅደም ተከተል አያስገድድም፤ ጥቅሙ በይበልጥ ለእኛ ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱ ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ለይተን ያንኑ ክፍል ብቻ ማረም እንችላለን።

ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልውሰድ። «አንድ የመንዝ እረኛ በርኖስ ለብሶ ከቤቱ ይወጣል፣ በጎቹን ይነዳል፣ በጓሳ ጭጋግ ውስጥ ወደ ፊት መሄድ፣ ሲኒማቲክ» የሚል ትእዛዝ ለእኛ ሙሉ ሥዕል ነው። ሞዴሉ ግን የተማረው መግለጫ ከተጻፈላቸው ቪዲዮዎች ስለሆነ፣ መንዝንና በርኖስን በስማቸው በደንብ ላያውቃቸው ይችላል። ስለዚህ ባለታሪኩን በስም ሳይሆን በሚታየው ነገር እንግለጸው፦ ዕድሜው ስልሳ ገደማ የሆነ፣ ሽበት ጢም ያለው፣ ከጥቁር የበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ካባ የደረበ፣ ረጅም ዱላ የያዘ ኢትዮጵያዊ እረኛ። ቦታውም እንዲሁ ነው፤ «ጓሳ» ከማለት ይልቅ ረጅም ሣር በየጉብታው የበቀለበት፣ እዚህም እዚያም ጅብራ የቆመበት ደጋማ ሜዳ እንላለን። ጅብራንም ቢሆን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ፣ አናቱ ላይ ረጅም የአበባ ዘንግ ያለው ተክል ብለን ብንገልጸው ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የምንቸገረው በድርጊቱና በካሜራው ላይ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ የሚሰጡት ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሆን ቁራጭ ነው። ረጋ ብሎ የሚራመድ ሰው በአምስት ሰከንድ ውስጥ ስምንት እርምጃ ያህል ይራመዳል፤ ከቤት ወጥቶ፣ በጎቹን ሰብስቦ ሜዳ መድረስ በዚህ ጊዜ አይሞላም። የማይሞላውን ስናዝ ሞዴሉ አንዱን ድርጊት ይዘልላል፣ ወይም ሁለቱን ያቀላቅላል፤ ዱላው ከእጅ ጋር ሲዋሐድና በጎቹ ሲበዙና ሲያንሱ የምናየውም አንዳንዴ ከዚህ የተነሣ ነው። ለአንድ ቁራጭ አንድ ድርጊት ይበቃል፤ «ከበጎቹ ኋላ ሆኖ ቀስ ብሎ ይራመዳል» ብቻ።

«ወደ ፊት መሄድ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ማን እንደሚሄድ አይናገርም። ሞዴሉ እረኛውን አቁሞ ካሜራውን ወደ ፊት ሊያስኬድ ይችላል፤ ሁለቱንም ሊያንቀሳቅስም ይችላል። መፍትሔው የባለታሪኩን እንቅስቃሴና የካሜራውን እንቅስቃሴ በተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች መጻፍ፣ ለእያንዳንዱም ባለቤቱን መጥራት ነው፦ «እረኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይራመዳል። ካሜራው በትሪፖድ ላይ ቆሞ ሙሉ ቁመቱን ከጎን ይቀርጻል፤ አይንቀሳቀስም።» ካሜራው እንዲከተለው ከፈለግን «በትከሻ ቁመት፣ ከጎኑ እኩል እየሄደ» ብለን እንጨምር። ማጉላትና መጠጋትም ይለያያሉ፤ በማጉላት ካሜራው ካለበት ሳይነቃነቅ ምስሉ ይቀርባል፣ በመጠጋት ግን ካሜራው ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ የቅርቡና የሩቁ ነገር ርቀትም ሲለዋወጥ ይታያል።

ብርሃኑ ከቦታው ጋር መስማማት አለበት። በወፍራም ጭጋግ ውስጥ ጠርዙ የጠራ ጥላ አይኖርም፤ ጭጋግም፣ ደማቅ የፀሐይ ጥላም ካዘዝን አንዱ መውደቁ አይቀርም፣ የትኛው እንደሚወድቅ ግን እኛ አንመርጥም። «የማለዳ ብርሃን፣ ከእረኛው ጀርባ፣ በጭጋግ የለዘበ» ስንል ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና ጥራቱን ነግረነዋል። ስለ ስታይል ብዙ አልልም፤ «ሲኒማቲክ» ብቻውን ሁሉንም ስለሚያቅፍ ምንም አይነግርም፣ «የዶክመንተሪ ቀረጻ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም» ማለት ይበቃል።

እንዲህም ሆኖ አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ሁለት የተለያዩ ቪዲዮዎች ሊወጡ ይችላሉ፤ ሞዴሉ ከዕጣ በሚወጣ መነሻ ቁጥር ይጀምራልና። መሣሪያችን ይህን ቁጥር ለመያዝ ከፈቀደ እንያዘው፤ ከዚያም አንድ ክፍል ብቻ እየለወጥን እናወዳድር። እረኛው ልክ ሆኖ ካሜራው ከተንሸራተተ የካሜራውን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንንካ፤ የቀሩትን አምስቱን አብረን ካስተካከልን የትኛው ለውጥ እንደሠራ ማወቅ አንችልም። ቀጣዩን ቁራጭ ስንሠራም የባለታሪኩን መግለጫ ቃል በቃል እንገልብጠው፤ «ካባ» የነበረውን «ጋቢ» ብለን ብንቀይረው ሌላ ሰው መውጣቱ አያስገርምም። ቃሉ ሳይለወጥ እንኳ ፊቱ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ማጣቀሻ ፎቶ የሚቀበል መሣሪያ ካለን የመጀመሪያውን ቁራጭ አንድ ፍሬም አብረን እንስጠው።