ረከቦቱን ጠጋ ያድርጉት

…እሺ፣ ድምፄን እየቀዳ ነው።

ያልለቀቀኝ የቡናው ማስታወቂያ ነው። አንድ ፎቶ ለቢልቦርድ፣ ለስቶሪና ለድረ ገጽ ባነር። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው እየቀዱ ነው፤ ከጀበናው እስከ መጨረሻዋ ሲኒ የሚሄደው እጅ በጣም ያምራል። እኔ ደግሞ «ረከቦቱን ወደ ጉልበትዎ ጠጋ ያድርጉት» አልኳቸው።

«እንዲህ ተጠግቶ አይቀዳም፣ ልጄ» አሉኝ። ግን አስጠጉት።

ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። ካሜራዬ የሚያነሳው 6000 በ4000 ፒክስል ነው። የእኛ ቢልቦርድ ስፋቱ የቁመቱ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ከዚያ ላይ 6000 በ2000 ይወስዳል። ስቶሪ 9 በ16 ነው፤ ቁመቱን ሙሉ ብንሰጠው ከስፋቱ የሚደርሰው 2250 ብቻ። ሁለቱ የሚጋሩት እንግዲህ 2250 በ2000 ነው። ፊት፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ መቆረጥ የሌለበት ሁሉ እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። የተዘረጋው እጅ አልገባም።

ብዙ ሰው ያንን ቦታ ፍሬሙ መሀል ላይ ያደርገዋል። መሀል ከሆነ ቢልቦርዱ ላይ ግራና ቀኝ እኩል ባዶ ይቀርና ጽሑፉ ለሁለት ይከፈላል። እኔ ወደ ቀኝና ወደ ታች ነው የምወስደው። በግራ በኩል 3300 ያህል ንጹሕ ግድግዳ ለቢልቦርዱ ጽሑፍ ይተርፋል፤ የተሰቀለውን ካላንደር ያስነሳሁትም ለዚሁ ነው። ከላይ ያለውን 1500 ቢልቦርዱ አይነካውም፣ የስቶሪው ነው። ከእሱም የላይኛው 500 ገደማ የገጹ ስም የሚወጣበት ስለሆነ አይጻፍበትም። ቀሪው ሁለት መስመር ይይዛል።

የታችኛው 500ስ? ቢልቦርዱ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ስቶሪው ላይ ደግሞ የመልስ መጻፊያው ይሸፍነዋል። ቄጠማው ያለው እዚያ ነበር። እትዬ ራሳቸው ናቸው ይዘው የመጡት… የትም አልታየም።

ባነሩ 728 በ90 ስለሆነ ከ6000ው ስፋት ቁመቱ 740 ብቻ ነው። ወይ ፊት ነው ወይ እጅ። ጀበናውንና እጁን ወሰድን፤ እሱ እንኳ ጥሩ ወጣ።

ወደ ኋላ ብሸሽ ሁሉም ይገባ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ ፊታቸው ይጠፋል። ትራይፖዱን ሳልነካ፣ በዚያው ብርሃን፣ አንዱን ለሰፊው አንዱን ለረጅሙ ሁለት ፍሬም ማንሳትም ይቻላል። ደንበኛው ግን መንገድ ላይ ያየው ሰው ስልኩ ላይ ያንኑ ፎቶ እንዲያገኝ ይፈልጋል። እውነቱን ነው መሰለኝ። ወይም… አይ፣ እጁ ቢታጠፍና ቢዘረጋ ማን ይለየዋል? እትዬ ይለዩታል። ቡና የሚያፈላ ሁሉ ይለየዋል።

ለሚቀጥለው የጤፍ ማስታወቂያ ሁለት ፍሬም ልጠይቅ ነው። ከተፈቀደ። ካልተፈቀደ እንጃ፤ ወንፊት ራሱ ሰፊ ነው፣ ሁለቱ ክንድ ደግሞ ወዲህና ወዲያ ሲሄድ፣ 2250 ውስጥ እሱን እንዴት…