ከ ks እስከ kys፦ በአንድ ፊደል የሚለያዩ መልእክቶች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሣላችሁ በልጄ ስክሪን ላይ ያነበብኳቸውን ጥቂት አጫጭር መልእክቶች ነው። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ አምስት ተጫዋቾች ሌሎች አምስትን የሚገጥሙበት የኢንተርኔት ጨዋታ ይጫወታል። አንድ ምሽት ቡድኑ ተሸንፎ እሱ ውሃ ሊጠጣ ሲነሣ፣ ከስክሪኑ ግርጌ የቀረውን ቻት አየሁ። በቅደም ተከተል እንዲህ ይላል፦ glhf፣ ks፣ stop feeding፣ mid diff፣ ff፣ gg ez፣ በመጨረሻም kys።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ks ነበር፤ k የሚለው ፊደል መግደልን እንደሚያመለክት ሰምቼ ስለነበር ነው። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ሙሉ ቃሉ «ኪል ስቲል» ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ከሚወድቀው ባላጋራ የሚገኘው ወርቅ በአብዛኛው የሚደርሰው የመጨረሻውን ምት ላሳረፈው ተጫዋች ስለሆነ፣ ባላጋራውን ሲያደክም የቆየው ልጅ ጓደኛው በመጨረሻ ሰዓት መጥቶ ሲጨርስበት «ነጠቅኸኝ» ብሎ የሚያሰማው ቅሬታ ነው። feeding የሚለውም ከምግብ ጋር አይገናኝም፤ ደጋግሞ የሚሞት ተጫዋች ባላጋራውን በወርቅ ስለሚያፈረጥም «እየቀለብካቸው ነው» ማለት ነው። በዚህ ፋንታ int ተብሎ ቢጻፍ ክሱ ይከብዳል፤ ምክንያቱም «ሆን ብለህ ነው የምትሞተው» የሚል ነው። ff ደግሞ እጅ እንስጥ የሚል ጥያቄ ብቻ ነው።

mid diff ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። diff ልዩነት ማለት ሲሆን፣ ሐረጉ ጨዋታው የተወሰነው በመካከለኛው መስመር በተሰለፉት የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች የችሎታ ልዩነት ነው ይላል። ስድብ የሚመስል ቃል የለበትም፤ ነገር ግን ለአምስት ሰው ሽንፈት አንድን ልጅ ብቻ ለይቶ በሁሉም ፊት ተጠያቂ ያደርጋል። በዚያ ምሽት በመካከለኛው መስመር የነበረው ልጄ ነው።

glhf መልካም ዕድል፣ መልካም ጨዋታ የሚል የመክፈቻ ሰላምታ ነው። gg በጨዋታው መጨረሻ ሲጻፍ እንደ መጨባበጥ ይቆጠራል፤ ጨዋታው ሳያልቅ የራስ ቡድን አባል ሲጽፈው ግን «አበቃልን» ማለት ይሆናል። ez «ቀላል ነበራችሁ» የሚል ንቀት ይጨምርበታል። ኦቨርዋች የተባለው ጨዋታ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ሐረግ የሚጽፍ ሰው መልእክቱ ራሱን በሚያሳፍር ዐረፍተ ነገር እንዲተካ አድርገው ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ የመኝታ ሰዓቴ አልፏል፣ ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ የሚል ነው።

kys ከ ks የሚለየው በአንድ ፊደል ነው፤ ትርጉሙ ግን ስለ ጨዋታው ምንም አይናገርም። «ራስህን ግደል» ማለት ነው። የጨዋታዎቹ ማጣሪያ እንዳይዘው በፊደሎቹ መካከል ክፍተት ወይም ነጥብ እየተጨመረም ይጻፋል። አንዳንድ ልጆች ሲጠየቁ «ራስህን ጠብቅ ማለቴ ነው» የሚል ሌላ ፍቺ ይሰጡታል፤ ከስድብ መካከል ሲመጣ ግን ይህ ማምለጫ እንጂ ማብራሪያ አይደለም።

እኔ መስመሩን ሳነብ ልጄ እንደተሰደበ ወዲያው ደመደምኩ። ዘግይቼ ያስተዋልኩት ከመስመሩ በፊት የሚጻፈውን ስም ነው፤ ስሙ የልጄ ነበር። ስለዚህ ወላጆች ከምሕጻረ ቃሉ በፊት የጻፈውን ሰው ስም እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። የጻፈው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ የማይታወቅ ባላጋራ ነው ወይስ በየቀኑ አብሮት የሚውል የክፍል ጓደኛ የሚለው ጥያቄ ብዙ ነገር ይለውጣል። በሁለቱም ሁኔታ ቻቱ ሳይዘጋ ስሙና መልእክቱ አብረው እንዲታዩ አድርጎ ስክሪኑን ፎቶ ማንሣት፣ ከዚያም በውጤት ሰሌዳው በኩል ሪፖርት ማድረግ ይቻላል፤ ሰሌዳው ከተዘጋ በኋላ ተጫዋቹን መልሶ ማግኘት ይከብዳል።

ልጄ ሲመለስ አልተቆጣሁትም። መስመሮቹን አንድ በአንድ በአማርኛ ሙሉ አድርጎ እንዲያነብልኝ ብቻ ጠየቅሁት። ks ን እየሳቀ አስረዳኝ፤ mid diff ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ፤ «እኔን ነው የሚሉት» አለ። የመጨረሻውን ግን ሊያነበው አልቻለም። «ሁሉም ይጽፈዋል እኮ፣ አባዬ» አለኝ። «እሺ፣ አንተ የጻፍከውን በአማርኛ በለው» አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ለሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም» አለኝ፤ ከዚያም ያ ተጫዋች ስንት ዓመቱ ሊሆን እንደሚችል ጠየቀኝ።