ካርዱ ተሰቅሎ አንሶላው በየቀኑ ሲታጠብ

የተከበራችሁ የጎንደር ሆቴል ባለቤቶች፣ ሥራ አስኪያጆችና የሀውስኪፒንግ ኃላፊዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ወጪ ቅነሳ በጠቅላላው እንድናገር ነው። የመጣሁት ግን ስለ አንዲት ካርድ ልነግራችሁ ነው፤ አልጋ ላይ ስለምትቀመጠው፣ «ውሃ እንቆጥብ፣ ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ» ስለምትለዋ። ብዙዎቻችሁ አሳትማችኋታል። የላውንደሪው ሥራ ግን አልቀነሰም። ለምን?

40 ክፍል ያለው አንድ ሆቴል እንውሰድ። ትናንት ማታ 24 ክፍል ተይዟል እንበል። የአንዱ ክፍል አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ፎጣና የእግር ምንጣፍ ደርቆ ሲመዘን 4 ኪሎ ያህል ይሆናል። ዕድሜው የገፋ ማጠቢያ ማሽን ለአንድ ኪሎ ልብስ 20 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ አንድ ክፍል ማለት 80 ሊትር ነው፤ 24ቱ በሙሉ ቢታጠቡ 1,920 ሊትር።

ይህ ሁሉ ይድናል የሚላችሁ ሰው ግን አያውቅም ወይም ያታልላችኋል። የእኛ እንግዳ ግቢውን አይቶ፣ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድሮ ወደ ስሜን ወይም ወደ ላሊበላ ይሄዳል። ጠዋት 14ቱ ክፍል ከለቀቀ የእነሱ ልብስ መታጠብ ግዴታ ነው፤ ካርዱ አይመለከታቸውም። የቀሩት 10 ናቸው። ከእነሱም ሦስቱ ይቀየርልኝ ይላሉ። ሰባት ክፍል ቀረ፣ 560 ሊትር። ትንሽ መሰላችሁ? በ18 ቀን 10,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ቦቴ ውሃ ነው። ለጥምቀት ደግሞ ክፍሉ ይሞላል፣ እንግዳውም ደጋግሞ ያድራል፤ ካርዱ በጣም የሚጠቅመው ከተማው ውሃ በሚሻማበት በዚያው ሳምንት ነው።

ታዲያ ሰባቱ ክፍል የት ይጠፋል? እንግዳው ላይ አታሳብቡ! እንግዳው ፎጣውን ሊሰቅል ይፈልጋል፤ ለሁለት ሰው የተሰጠው መስቀያ ግን አንድ ነው። እርጥብ ፎጣ በእርጥብ ፎጣ ላይ ተደርቦ አይደርቅም፤ ማታ ይሸታል፣ በማግስቱ መሬት ይጣላል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መስቀያ አድርጉለት። ካርዱ ላይም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቁርጥ ያለ ነገር ጻፉ፦ የተሰቀለ ፎጣ ይቆያል፣ መሬት ያለ ይቀየራል፤ አንሶላ በሦስተኛው ቀን ወይም እንግዳው ሲጠይቅ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት የእኛው ነው። አጽጂዋ የተሰቀለውን ፎጣ ትታ ስትወጣ ሱፐርቫይዘሩ «ክፍሉ አልተሠራም» ብሎ ይገስጻታል። በማግስቱ ሁሉንም ጠራርጋ ታወጣለች። ምን ታድርግ? በቼክሊስቷ ላይ «የቆየ» የሚል ቦታ የለም፤ «የተቀየረ» ብቻ ነው ያለው። እንግዳውን ቆጥብ ብለን ለምነን፣ ሲቆጥብ ደግሞ በራሳችን ትእዛዝ እናፈርሰዋለን! ቼክሊስቱን ሳትቀይሩ ካርድ አታሳትሙ።

ማረጋገጫው ሚዛን ነው። በየጠዋቱ ወደ ላውንደሪ የሚወርደውን ልብስ መዝኑና በተያዘው ክፍል ብዛት አካፍሉ። በምሳሌያችን ሁሉም ሲቀየር ለአንድ ክፍል 4 ኪሎ ነው፤ ሰባቱ ሲቆይ ከ3 ኪሎ በታች ይወርዳል። ካርዱ ከወጣ በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ ሄዳችሁ ቼክሊስቱን እዩ። ግን በአንድ ቀን አትፍረዱ፤ አንድ ቡድን በአንድ ጠዋት ከለቀቀ ቁጥሩ ያለ ማንም ጥፋት ያሻቅባል። የሳምንቱን አማካይ ያዙ።

መብራቱም እዚሁ ውስጥ አለ። ማድረቂያ ማሽን ለአንድ ኪሎ ልብስ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሳይታጠብ የቆየው 28 ኪሎ ሲሰላ በቀን ቢያንስ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። መብራት በጠፋ ቀን ይህን የሚከፍለው ጄኔሬተሩ ነው። በበጋ ፀሐይ እያለ ለአንሶላ ማድረቂያ ማስነሳት ምን ይሉታል? በክረምት ግን ማሽኑ ያስፈልጋል፤ ያኔ መጭመቂያውን ተመልከቱ። ከማጠቢያው የወጣ ፎጣ በእጅ ሲጨመቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ማሽኑ በደንብ አልጨመቀም፣ ማድረቂያውም ያንን ውሃ በመብራት ያተናል።

ሌላውን ባጭሩ። የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምሩ፤ ሳይለቀቅ 20 ደቂቃ ቆይቶ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው ያፈሳል፣ ለውጡት። የሻወር ውሃ መቀነሻ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሮቶው ቅርብ የሆነበት የላይኛው ፎቅ ላይ አትግጠሙ፣ ግፊቱ ቀድሞም ደካማ ነው። እንግዳ የሌለበትን ክፍል ቦይለር አጥፉ። የሚሠራውን ግን ለቁጠባ ብላችሁ ከ60 ዲግሪ በታች አታውርዱት፤ ለብ ያለ ውሃ ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ያራባል። ክፍሉ ለቀናት ጠፍቶ ከቆየም እንግዳው ከመግባቱ በፊት ቦይለሩን አሙቁና ቧንቧውን በሙቅ ውሃ እጠቡት።

አመሰግናለሁ።